ምርቃት

የዘነበች ሱቅ ባህር ዳር ሽምብጥ ነው ያለው፣ በሰፈሩ ስኳር ማለት እሷ ጋ ማለት ነው፣ ጠዋት ቡና ሳይፈላ ሩብ ኪሎ የሚል አለ፣ ከሰዓት ሻይ ቤቶቹ ግማሽ ግማሽ ኪሎ ይወስዳሉ፣ አንድ ኬሻ ሳምንት አይሞላም። "ሱቄን ያቆመልኝ ስኳር ነው" ትላለች ሁሌ።

ግን እቁብ ሲደርስ ሶስት ሳምንት በተከታታይ ጎደላት። ሱቁ ሰው አላጣ፣ ብሩ የት ይገባል? ልቧ ቢኒያም ላይ አረፈ፣ ሱቅ የሚያግዛት የ16 አመት ልጅ ነው። ሁለት ቀን እጁን እጁን ስታይ ዋለች፣ ልጁም ገብቶት ነው መሰለኝ አንገቱን ደፍቶ ነበር የሚሰራው።

እሁድ ማታ ሱቁን ዘግታ ደብተሯን አወጣች። ዘነበች የማትፅፈው ነገር የለም፣ ዱቤው፣ ባጃጁ፣ ፌስታሉ፣ ብቻ ሁሉም የየራሱ ገፅ ላይ ስለሆነ አንድ ላይ አድርጋ አይታው አታውቅም።

50 ኪሎውን ኬሻ በ6100 ገዝታዋለች። ኪሎውን በ128 ስለምትሸጥ 300 ብር አተርፋለሁ ብላ ነው የምታስበው። የተሸጠውን ሩቡንም ግማሹንም ስትደምረው ግን 48 ኪሎ መጣ። ደግማ ደመረች፣ 48። 6144 ብር። ከዛ ላይ ባጃጅ 120፣ አውራጅ 40፣ ፌስታል 130 ሲነሳ በአንድ ኬሻ 246 ብር ከኪሷ እየጨመረች ነው ስትሸጥ የከረመችው።

ሁለቱ ኪሎስ? መጀመሪያ ያው ቢኒያም ነው የመጣባት። ከዛ እጇን አየችው። ሁሌ መዝና ስትጨርስ በማንኪያ ጫፍ ትንሽ ትጨምራለች፣ እናቷ መራዊ ገበያ እህል ስትሸጥ እንደዛ ነበር የምታደርገው፣ ያለ ምርቃት ሰው አትሸኝም ነበር። ተነስታ ያችኑ አስር ጊዜ ሰሃን ላይ ጨምራ መዘነችው። 150 ግራም፣ አንዷ 15 ግራም ማለት ነው። በ130 ፌስታል ሲባዛ ሁለት ኪሎ ሊሞላ 50 ግራም ነው የቀረው።

ብዙ ሰዓት እዛው ሚዛኑ አጠገብ ቆመች፣ ስለ ብሩ ብቻ አይደለም፣ ስለ ልጁ አንገትም ነው።

ጠዋት ሻዩን ራሷ ቀድታ ሰጠችው።

"ቢኒዬ፣ ይቅር በለኝ ልጄ።"

"ምን አድርገውኝ እትዬ?"

ልትነግረው ስትል እማማ አስካለ ደረሱ፣ ሩብ ስኳር። ዘነበች ማንኪያውን ለቢኒያም አቀበለችው፣ "አንተ መዝን" አለችው። መዘነ፣ መርፌዋ መስመሩ ላይ ልክ ቆመች፣ ፌስታሉ ውስጥ ገለበጠው።

እማማ አስካለ ፌስታሉን ሳይቋጥሩ አፉን ከፍተው ዘነበችን ያያሉ።