እማ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢው

እማዬ፣ እንዴት ገባሽ? ናቲ ከመናኸሪያ ተቀብሎሽ በሰላም ቤት መድረስሽን ነግሮኛል። ጉልበትሽ በመንገዱ ይበጥ አይበጥ ግን አልነገረኝም። እሱ እንዲህ ያለ ነገር አይታየውም።

ይህን በስልክ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ሞክሬያለሁ። ሁለቴም “በይ ካርድሽን አትጨርሺ” ብለሽ ዘጋሽብኝ። ስለዚህ ጻፍኩት። ናቲ ፊደሉን በስልኩ ላይ ያተልቅልሻል። መነጽርሽን አድርጊና ራስሽ አንብቢው። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ የቆጠርሽው ፊደል ለዚህ ይበቃል። ናቲ፣ አንተ ስልኩን ስጣትና ውጣ።

እማ፣ ሰማንያ ቀን ሙሉ አራስሽኝ። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ የልጅቷ እጥበት፣ የጠያቂው ቡና፣ ሁሉም በአንቺ እጅ ነው ያለፈው። ክርስትናው ባለቀ ማግስት ሻንጣሽን አነሳሽ። “ቤቴን አይጥ ወረሰው” አልሽ። ከሄድሽ ወዲህ ሶልያና ስታለቅስ መጀመሪያ የምታየው በሩን ነው። እኔም እንደዚያው።

አንድ ሌሊት ትዝ ይልሻል? ሆዷን ቆርጧት ስትጮህ ያደረችበት። ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። እኔም አብሬያት ማልቀስ ጀመርኩ። “አልቻልኩም እማ” አልኩሽ። ልጅቷን ተቀብለሽ ትከሻሽ ላይ አደረግሽና ጀርባዋን መታ መታ እያደረግሽ፣ ለራስሽ የምታወሪ ይመስል፣ “እኔ ናቲን በወለድኩ በአሥራ አምስት ቀኔ ምጣድ ፊት ነበርኩ። ያልፋል” አልሽ። ከዚያ ወደ ሶልያና ዞረሽ “እሹሩሩ” ማለት ጀመርሽ።

እኔ ግን እስኪነጋ አልተኛሁም። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ይህን ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ቁጭ ብዬ እቆጥራለሁ። ከወሊድ በኋላ ሕጉ ለእኔ 90 ቀን ፈቃድ ሰጥቶኛል፤ ደሞዜም አልተቋረጠም። ዳዊት ዳይፐር ይቀይራል፤ መጀመሪያ ላይ በግልባጩ ነበር የሚያስረው፣ አሁን ተሻሽሏል። እህቱ ታበስላለች። አንቺ ነበርሽ። ይህ ሁሉ ሆኖ አልቻልኩም አልኩ። አንቺ ሠላሳ ዓመትሽ ነበር። አባቴ ናቲ ገና በሆድሽ እያለ ሄዷል። እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነኝ። ቤቱ የቀበሌ፣ አንድ ክፍል። ማን ያዘልሽ እማ? ልጁን ማለቴ ነው። ምጣዱ ላይ ሆነሽ ማን ያዘልሽ?

ከዚያ ትዝ አለኝ። እኔ ነኝ የያዝኩት።

በማዘያ ጀርባዬ ላይ ጥብቅ አድርገሽ ታስሪውና “ሂዱ በሩ ላይ ተጫወቱ” ትይኝ ነበር። ጨዋታ ነበር የሚመስለኝ። ለካ ከጭሱ ነበር የምታርቂን። ያኔ ኤሌክትሪክ ምጣድ የለንም፤ በሰጋቱራ ነበር የምትጋግሪው። በበሩ በኩል የሚታየኝ ጀርባሽና አክንባሎው ብቻ ነበር። አልፎ አልፎ ትወጪና ዓይንሽን በቀሚስሽ ጫፍ ጠርገሽ ናቲን ታጠቢዋለሽ። ከዚያ ለእኔ የመጀመሪያውን ትኩስ እንጀራ በበርበሬ ጠቅልለሽ ትሰጭኛለሽ። ደሞዜ ነበር መሰለኝ። ከባንክ ደሞዜ በፊት የተቀበልኩት ደሞዝ እሱ ነው።

ለሱቆቹ ያስረከብሽውን እንጀራ ግድግዳው ላይ በከሰል ታሰምሪ ነበር። አምስት ሲሞላ ትሰርዣለሽ። የቅዳሜ ሥራዬ የተሰረዘውን ደምሬ የተከፈለውን መቀነስ ነበር። አንዱ ባለሱቅ ሁልጊዜ የአሥር እንጀራ ሒሳብ ያጎድል እንደነበር ያወቅነው በዚያ ግድግዳ ነው። ዛሬ መሥሪያ ቤት ሰዎች “ሒሳብ ላይ ጎበዝ ነሽ” ሲሉኝ እስቃለሁ። እነሱ ግድግዳውን አላዩትም።

አሁን የምጽፈውን ስታነቢ አትቆጪ። ስድስተኛ ክፍል እያለሁ ደብተር ረስቼ ይዘሽልኝ መጣሽ። ከምጣድ ተነስተሽ ስለነበር ነጠላሽ ጭስ ጭስ ይላል። ጓደኛዬ “ማናት?” አለችኝ። “አክስቴ ናት” አልኳት። ሰምተሽኛል። ልጅቷ ፊት ጉንጬን ስመሽ “አክስቷ ነኝ፣ በርቱ” ብለሽ ሄድሽ። ማታ ትቆጪኛለሽ ብዬ እራቴን እንኳ በደንብ አልበላሁም። ምንም አላልሽም። እስከ ዛሬም አንስተሽብኝ አታውቂም። እኔ ግን ሳልረሳው ይኸው ሀያ ሁለት ዓመት። ይቅር በይኝ፣ እማዬ።

ስለ አባቴም እንደዚያው ነሽ። ሰፈር ሲያማው “የልጆቼ አባት ነው፣ በእኔ ፊት አይነሳ” ትያለሽ። ልጅ ሆኜ ትፈሪው ነበር የሚመስለኝ። ልጅ ስወልድ ነው ለእኛ ብለሽ መሆኑ የገባኝ።

2001ን ደግሞ እንዴት እረሳለሁ። የመብራት ፈረቃ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነኝ። ያኔ ኤሌክትሪክ ምጣዱን በእቁብ ገዝተሽ ነበር። መብራቱ እኩለ ሌሊት ሲመጣ አንቺ ትጋግሪያለሽ፣ እኔ አጠናለሁ። “ልርዳሽ” ስልሽ “ያንቺ ሊጥ እሱ ነው፣ እሱን አቡኪ” ብለሽ ወደ ደብተሬ ትጠቁሚያለሽ። ሁለታችንም ጠዋት ዓይናችን ቀልቶ እንወጣለን። ውጤቱ የመጣ ቀን እልል ብለሽ ግቢውን ስታናውጪው ጎረቤት ሰርግ መስሎት ነበር።

ሐሮማያ ስሄድ የሰጠሽኝን ማዳበሪያ ሙሉ ድርቆሽ ጓደኞቼ እስከ ዛሬ ያነሱታል። ሳይሸጥ ያደረውን እንጀራ እያደረቅሽ ስድስት ወር አጠራቅመሽዋል። ዶርም ውስጥ ሻይ ላይ እየነከርን ስንበላ “እናትሽ ሀብታም ናት እንዴ?” አለችኝ አንዷ። “አዎ” አልኳት። ይህን ጊዜ አክስቴ ናት አላልኩም።

እማ፣ “ምን አደረግኩልሽና” እንደምትይ አውቃለሁ። በአሥራ አምስት ቀንሽ ምጣድ ፊት ቆመሻል። ይህን አድርገሽልኛል። አመሰግናለሁ። ናቲም ይህን አያውቅም፤ ከፈለግሽ ንገሪው፣ ካልፈለግሽም ይቅር።

ከአሥር ቀን በኋላ ሥራ እገባለሁ። ፈርቻለሁ። ሶልያናን ጠዋት ትቼ ስወጣ ምን እንደምሆን አላውቅም። ለፋሲካ ናቲ ይዞሽ ይመጣል፤ ትኬቱን እኔ እቆርጣለሁ፣ አትከራከሪኝ። የጉልበትሽን ቅባት ሻንጣሽ የጎን ኪስ ውስጥ አድርጌልሻለሁ፤ ማታ ማታ ተቀቢው።

ደግሞ በማሰሮ የተውሽልኝን እርሾ ትናንት ተጠቀምኩበት። አብሲቱን እንዳሳየሽኝ ነው የጣልኩት፣ እምልልሻለሁ። እንጀራው ግን አንድ ዓይን እንኳ አላወጣም። ዳዊት “ቂጣ ነው?” አለኝ። ውኃ አብዝቼ ይሆን? ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ ደውዪልኝ፤ ካርዱን እኔ እሞላልሻለሁ።

ልጅሽ ሜሮን
ከሐዋሳ