ስለ ደንበኞቻችን መረጃ መሰረቅ የተሰጠ ማስታወቂያ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ማክሰኞ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት፣ ያልታወቀ ሰው የአንድ ሠራተኛችንን የይለፍ ቃል ሰርቆ የዕቃ ማድረሻ መዝገባችንን ቀድቷል። ስማችሁ፣ ስልክ ቁጥራችሁና አድራሻችሁ፣ «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር» ብላችሁ የጻፋችሁልን ምልክት ሳይቀር፣ በእጁ ገብቷል። አምናችሁ ሰጣችሁን፤ መጠበቅ የእኛ ፈንታ ነበር። ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን። የባንክ ሒሳብ ቁጥራችሁና የይለፍ ቃላችሁ በመዝገቡ ውስጥ አልነበሩም።

ረቡዕ ጠዋት መግቢያውን ዘግተን ለፖሊስ አመልክተናል።

አጥብቀን የምንሰጋው የስልክ ማታለልን ነው። «ዕቃዎ ደርሷል፤ በአጭር መልእክት የመጣልዎትን ቁጥር ይንገሩኝ» የሚል ሰው ከደወለ፣ ስማችሁንና ሰፈራችሁን በትክክል ቢጠራም እንኳ ስልኩን ዝጉ። እኛ ያንን ቁጥር ፈጽሞ አንጠይቅም። ሰጥታችሁ ከሆነ ሳትውሉ ሳታድሩ ለባንካችሁ ደውሉ፤ ከዚያም በደረሰኛችሁ ላይ ባለው ስልክ አሳውቁን።

የደንበኞች አገልግሎት ክፍል