የቡና ለቃሚው ትኩሳት፦ ከምልክት ወደ በሽታ ልየታ በደረጃ የሚወስዱ ካርዶች

እነዚህ ካርዶች ባለፈው ማክሰኞ በውስጥ ደዌ ክፍል ከቀረበልን ትምህርት የተዘጋጁ ናቸው። በትምህርቱ ላይ የበሽታው ስም በመጀመሪያው ስላይድ ስለተጻፈ ከዚያ በኋላ የሰማነው ሁሉ ወደዚያው የሚያመራ መስሎ ታይቶናል፤ አልጋ አጠገብ ስንቆም ግን ስሙን ቀድሞ የሚነግረን የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ካርድ ሐኪሙ በዚያ ሰዓት ያወቀውን ብቻ ይዟል። ካርዶቹን አታደባልቋቸው፤ ጀርባውን ከማየታችሁ በፊትም መልሳችሁን ከነምክንያቱ ጻፉ። ምክንያት ያልተጻፈለት ትክክለኛ መልስ እንዳልተመለሰ ተቆጥሮ በማግስቱ ይደገማል። የታካሚውን ማንነት የሚያሳውቁ ዝርዝሮች ተቀይረዋል።

ካርድ 1፣ ፊት። በኅዳር ወር ከደጋ ወደ ጎማ ወረዳ ለቡና ለቀማ የመጣ የ24 ዓመት ወጣት፣ ከሁለት ቀን ወዲህ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታትና የመገጣጠሚያ ሕመም ይዞት ጅማ ደርሷል። ዲፈረንሻላችሁ ምንድን ነው? ቀጥሎስ ምን ትጠይቁታላችሁ?

ጀርባ። ወባ ይቀድማል፤ ከደጋ የመጣ ሰው በወባ ላይ የዳበረ መከላከያ ስለማይኖረው በሽታው በፍጥነት ሊከፋበት ይችላል። ታይፎይድ፣ ታይፈስ፣ ግርሻ ትኩሳትና ማጅራት ገትር ይከተላሉ። ብዙ የሚለየው ጥያቄ እንዲህ ያለ ትኩሳት በቅርቡ ይዞት እንደነበረ መጠየቅ ነው።

ካርድ 2፣ ፊት። ከሁለት ሳምንት በፊት ተመሳሳይ ትኩሳት በድንገት ይዞት ነበር። በአራተኛው ቀን ከጓደኛው የተረፈ ኮአርተም ዋጠ፤ በስድስተኛው ቀን በላብ ተጠምቆ ትኩሳቱ ለቀቀው። ከዚያ ስምንት ቀን ደኅና ሆኖ ሥራውን ሲሠራ ቆየ። ትኩሳቱን ያጠፋው መድኃኒቱ ነው ማለት ይቻላል?

ጀርባ። አይቻልም። በዚህ ካርድ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እንድትቆዩ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም «መድኃኒት ወሰደ፣ ተሻለው፣ ስለዚህ ወባ ነበር» የሚለው አስተሳሰብ ትክክለኛውን መንገድ ገና በጅምሩ ይዘጋል። ሁለት ማብራሪያዎች እኩል ክፍት ናቸው፦ በተረፈ ክኒን በቂ ሕክምና ያላገኘ ወባ ተመልሷል፤ ወይም በሽታው ያለ መድኃኒትም በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን በራሱ የሚለቅና ከቀናት በኋላ የሚመለስ ዓይነት ነው። ያልታከመ ታይፈስ ሁለት ሳምንት ያህል ሳያቋርጥ ይቆያል፤ ታይፎይድም ቀስ በቀስ እየጨመረ የሚሄድ እንጂ በድንገት ጀምሮ በድንገት የሚያበቃ አይደለም። ሁለቱን ወደ ታች አውርዱ፣ ነገር ግን ገና አትሰርዟቸው።

ካርድ 3፣ ፊት። ከብዙ ሠራተኞች ጋር በአንድ ክፍል ያድራል፤ ከመጣ ጀምሮ ልብሱን አልቀየረም፤ በልብሱ ስፌት ላይ ቅማል ታይቷል።

ጀርባ። ቅማል ከዝርዝራችን ሁለቱን፣ ታይፈስንና ግርሻ ትኩሳትን፣ ያስተላልፋል፤ ስለዚህ ይህ መረጃ ብቻውን ሁለቱን አይለይም። የሚለየው ከካርድ 2 ጋር ሲጣመር ነው።

ካርድ 4፣ ፊት። ሙቀቱ 39.8 ዲግሪ፣ የልብ ምቱ በደቂቃ 124፣ የደም ግፊቱ 100/60 ነው። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፤ ነስር አለው፤ ደረቱና ሆዱ ላይ ሲጫኑት የማይጠፋ ነጠብጣብ ይታያል። ጣፊያው ከጎድን አጥንት በታች 3 ሳንቲ ሜትር ይዳሰሳል፤ አንገቱ አልተገተረም። እያንዳንዱ ግኝት ለየትኛው በሽታ ይመሰክራል?

ጀርባ። የዓይን ቢጫነትና የጣፊያ ማበጥ ለወባም ለግርሻ ትኩሳትም ይስማማሉ፤ በመሆኑም ሚዛኑን ብዙም አያንቀሳቅሱም። ነስርና የቆዳ ሥር መድማት ወደ ግርሻ ትኩሳት ያጋድላሉ። የአንገቱ መላላት የማጅራት ገትርን ዕድል ይቀንሳል፣ አያጠፋውም። አሁን አንድ በሽታ መርጣችሁ ጻፉ።

ካርድ 5፣ ፊት። አንድ ምርመራ ብቻ ብታዝዙ የትኛውን ነው?

ጀርባ። ትኩሳቱ እያለ የሚወሰድ የደም ስላይድ ነው፤ የወባን ተሕዋስያንም ስፓይሮኬትንም ያሳያል። ፈጣኑ የወባ ምርመራ ስለ ወባ ብቻ ይናገራል።

ካርድ 6፣ ፊት። በስላይዱ ላይ የወባ ተሕዋስ የለም፤ በቀይ የደም ሕዋሳት መካከል ግን የተጠማዘዙ ቀጫጭን ባክቴሪያዎች ታይተዋል። ፕላትሌቱ 48,000 ነው። በሽታው ምንድን ነው? ለምንስ ተመለሰ? ፔኒሲሊን ከመሰጠቱ በፊት ለነርሷ ምን ትነግሯታላችሁ?

ጀርባ። በቦረሊያ ሪከረንቲስ የሚመጣ፣ በቅማል የሚተላለፍ ግርሻ ትኩሳት ነው። ባክቴሪያው የላይኛውን ፕሮቲኑን ስለሚለዋውጥ ሰውነት ያዘጋጀው መከላከያ አዲሱን መልክ አያውቀውም። ለነርሷ የሚነገራት ከመርፌው በኋላ ባሉት ሰዓታት ታካሚው በብርቱ ሊንቀጠቀጥ፣ ሙቀቱ ሊያሻቅብ፣ ከዚያም የደም ግፊቱ ሊወርድ እንደሚችል ነው። ይህ የያሪሽ ሄርክስሃይመር ምላሽ ይባላል፤ ሊገድልም ይችላል። ስለዚህ የደም ሥር መስመር አስቀድሞ ይከፈታል፣ ግሉኮስ ወይም ሳላይን ይዘጋጃል፣ የደም ግፊቱም በየጊዜው ይለካል። ልብሱ በፈላ ውኃ ይታጠባል፤ አብረውት የሚያድሩትም በዚያው ቀን ይፈለጋሉ።