ወንዙ ከመሙላቱ በፊት

እንደምን ዋላችሁ? ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ክረምቱ ሳይገባ ልነግራችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ውሃው ደጃፍ እስኪደርስ አትጠብቁ።

እዚህ ፀሐይ ነው ማለት ወንዙ አይሞላም ማለት አይደለም። ከላይ፣ ተራራው ላይ የዘነበው ከሰዓታት በኋላ እኛ ጋ ይደርሳል። ስለዚህ ሰማዩን ብቻ አትዩ፤ ወንዙንም እዩት። ጥርት ብሎ የዋለ ውሃ በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅርንጫፍና ግንድ ይዞ መውረድ ከጀመረ፣ ከላይ የሆነ ነገር አለ። ድምፁም ይለወጣል፤ ታች ድንጋዩ ሲንከባለል ጉርምርምታው ይሰማል። እኔን በጣም የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። እየዘነበ ወንዙ ድንገት ቢጎድል ደስ እንዳይላችሁ። ናዳ ወይም ግንድ ከላይ ዘግቶት ሊሆን ይችላል። ያ ሲሰበር የታቆረው ሁሉ በአንዴ ነው የሚመጣው።

የድልድዩ ምሰሶ ላይ ቢጫና ቀይ መስመር ቀብተናል። ውሃው ቢጫው ጋ ሲደርስ ሕፃናት፣ አረጋውያንና ሕመምተኞች ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ ይውጡ። ቀዩን አንጠብቅም፤ ውሃው ወደ እሱ መጠጋት ሲጀምር ሁላችንም እንወጣለን። ሌሊት ሁለት ሁለት ሰው ተራ ገብቶ ይጠብቃል። ደወሉ ሲመታ ተኝቶ የሚቀር ጎረቤት እንዳይኖር በሩን አንኳኩለት።

ቤት ውስጥ ዛሬ ማታ መጀመር ትችላላችሁ። መታወቂያ፣ የቤት ካርታና የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት በፌስታል ይጠቅለሉ፤ ፌስታሉን ደግሞ በሌላ ፌስታል ደርቡት፣ አፉን ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩት። መድኃኒት፣ የእጅ ባትሪ፣ የሚጠጣ ውሃና ደረቅ ምግብ አንድ ቦርሳ ውስጥ ገብተው በሩ አጠገብ ይቀመጡ። እህሉን ከወለል ከፍ አድርጉት። ስትወጡ የመብራቱን ዋና ማጥፊያ አጥፉ፣ ጋዙን ዝጉ። ውሃ ውስጥ ቆማችሁ ግን ማጥፊያ እንዳትነኩ! ከብቶቹንም ፍቷቸው፤ የታሰረ እንስሳ ማምለጫ የለውም።

«ቁርጭምጭሚት ብቻ ነው፣ እሻገረዋለሁ» የሚል አለ። አትሞክሩት። 15 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ፈጣን ውሃ አዋቂን ሰው ይጥላል። 60 ሴንቲ ሜትር ደግሞ አብዛኛውን መኪና ይዞ ይሄዳል። ከሥሩ መንገዱ ተሸርሽሮ ይሁን በዓይን አይታችሁ ማወቅ አትችሉም። ለበግ፣ ለቴሌቪዥን ብላችሁ አትመለሱ።

ውሃው ሲጎድል የመመለሻው ፈቃድ እስኪነገር ቆዩ። ጎርፉ መጸዳጃ ቤቱን ሁሉ አጥቦ የመጣ ነው። የነካውን ምግብ ጣሉ፣ የጉድጓድ ውሃ ሳታፈሉ አትጠጡ። የወደቀ ሽቦ ካያችሁ ራቁት።

አሁን ገና ብርሃን ነው። ከዚህ እስከ ትምህርት ቤቱ ያለውን መንገድ አብረን እንሂደው። እናቶች፣ ልጆቹን ከፊት አድርጓቸው፤ መንገዱን እነሱም ይልመዱት።