ባለ ሁለት እርምጃ እኩልዮሾች፦ እያንዳንዱን ግልባጭ ስሌት እያሳዩ መፍታት

የ8ኛ ክፍል ሒሳብ የመልመጃ ወረቀት፣ የቅዳሜ ማጠናከሪያ ትምህርት፣ ቱሉ ዲምቱ
ጊዜ፦ ሁለት ክፍለ ጊዜ (80 ደቂቃ)። ጠቅላላ ነጥብ፦ 60
መልሱን በደብተራችሁ ላይ ሥሩ። ካልኩሌተር አይፈቀድም።

ከመጀመራችሁ በፊት

በዚህ ወረቀት ነጥብ የሚያሰጠው ከመጨረሻው መልስ ይልቅ ወደ መልሱ ያደረሳችሁ መስመር ነው። 3x + 5 = 20 ሲባል x 5 መሆኑን በጭንቅላቱ የሚያገኝ ተማሪ ብዙ ነው። ያው ተማሪ 9 − 2x = 17 ላይ ሲደርስ ግን ይቆማል፤ በቀላሉ ጥያቄ ላይ ያላሳየውን እርምጃ በከባዱ ላይ ከየት ያመጣዋል?

3x + 5 ላይ x ሁለት ነገር ደርሶበታል፤ መጀመሪያ በ3 ተባዝቷል፣ ቀጥሎ 5 ተደምሮበታል። x ን ብቻውን ለማስቀረት ኋላ የተደረገውን አስቀድመን እንፈታለን። ጀሪካን ስንቀዳ ውኃ ከሞላን በኋላ እንከድናለን፤ ስንገለብጥ ግን መጀመሪያ የምንነካው ክዳኑን ነው። የመደመር ግልባጭ መቀነስ፣ የመቀነስ መደመር፣ የማባዛት ማካፈል፣ የማካፈል ደግሞ ማባዛት ነው። አንዱ ጎን ላይ ያደረግነውን ያንኑ በሌላው ጎን እናደርጋለን።

አጻጻፉ ሁልጊዜ ይህን ይመስላል፦

3x + 5 = 20
3x + 5 − 5 = 20 − 5  (ከሁለቱም ጎን 5 መቀነስ)
3x = 15
3x/3 = 15/3  (ሁለቱንም ጎን ለ3 ማካፈል)
x = 5
ማረጋገጫ፦ 3(5) + 5 = 15 + 5 = 20 ✓

ሁለተኛውና አራተኛው መስመር የግልባጭ ስሌት መስመሮች ይባላሉ። እነሱን መዝለል አይፈቀድም።

«ቁጥሩ ወደ ማዶ ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል» የሚለውን አባባል በዚህ ወረቀት ላይ አንጠቀምበትም። ውሸት ስለሆነ አይደለም፤ ምክንያቱን ስለሚደብቅ ነው። በዚህ አባባል የለመደ ተማሪ 3x = 15 ላይ ሲደርስ 3ንም ያሻግርና x = 15 − 3 = 12 ይላል፤ ወይም ምልክቱን ቀይሮ ለ−3 ያካፍላል። ቁጥር አይሻገርም። በሁለቱም ጎን አንድ ዓይነት ስሌት ይሠራል እንጂ።

የእኩል ምልክቶቹን አንዱን ከአንዱ ሥር አሰልፉ፤ በአንድ መስመር ላይም ከአንድ በላይ እኩል ምልክት አታድርጉ። ሁለቱን ትይዩ መስመሮች ሮበርት ሬኮርድ በ1557 እ.ኤ.አ. የመረጣቸው ከእነሱ የበለጠ እኩል የሆነ ነገር አይገኝም ብሎ ነው። ምልክቱ «ግራና ቀኙ አንድ ነው» ይላል፤ «ቀጥሎ መልሱ» ማለት አይደለም። በማረጋገጫ ላይ ብቻ፣ ሁሉም ዋጋ በእርግጥ እኩል ስለሆነ፣ መደርደር ይቻላል።

ጥንቃቄ የሚፈልጉ አራት ምሳሌዎች

ምሳሌ 1፦ x/4 − 7 = −2
x/4 − 7 + 7 = −2 + 7  (7 መደመር)
x/4 = 5
4 · x/4 = 4 · 5  (በ4 ማባዛት)
x = 20
ማረጋገጫ፦ 20/4 − 7 = 5 − 7 = −2 ✓

ምሳሌ 2፦ 9 − 2x = 17
ብዙ ነጥብ የሚጠፋው እዚህ ነው። የመቀነስ ምልክቱ ከኋላው ያለው የ2x ነው፤ የ9 አይደለም። ስለዚህ በልባችሁ 9 + (−2x) ብላችሁ አንብቡት።
9 − 2x − 9 = 17 − 9  (9 መቀነስ፤ 9 ፖዘቲቭ ነውና)
−2x = 8
−2x/(−2) = 8/(−2)  (ለ−2 ማካፈል)
x = −4
ማረጋገጫ፦ 9 − 2(−4) = 9 + 8 = 17 ✓
በሦስተኛው መስመር ላይ የነጌቲቩን ምልክት የረሳ x = 4 ያገኛል። 9 − 2(4) = 1 ስለሚሆን ማረጋገጫው ወዲያው ያጋልጠዋል።

ምሳሌ 3፦ (x + 3)/5 = 4
ከ x/5 + 3 = 4 ጋር አታምታቱት። በቅንፍ ባለው ላይ መጀመሪያ የተደረገው መደመር ስለሆነ የሚቀድመው ግልባጭ ማባዛት ነው፦
5 · (x + 3)/5 = 5 · 4
x + 3 = 20
x + 3 − 3 = 20 − 3
x = 17
ቅንፍ የሌለው ግን x/5 = 1፣ ከዚያ x = 5 ይሆናል። ቁጥሮቹ አንድ ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸው ስለተለያየ መልሱም ተለያየ።

ምሳሌ 4፦ (2/3)x + 1 = 9
(2/3)x + 1 − 1 = 9 − 1
(2/3)x = 8
(3/2) · (2/3)x = (3/2) · 8  (በክፍልፋዩ ግልብጥ ማባዛት)
x = 12
ማረጋገጫ፦ (2/3)(12) + 1 = 8 + 1 = 9 ✓

አንዳንዶቻችሁ «አስቀድሜ ባካፍልስ?» ትላላችሁ። ይቻላል፤ ነገር ግን ማካፈሉ እያንዳንዱን ቁም መድረስ አለበት። 3x + 5 = 20ን ለ3 ስናካፍል x + 5/3 = 20/3 ነው የሚሆነው። 5ቱን ሳይነካ x + 5 = 20/3 የሚል ተሳስቷል። ክፍልፋይ ለመሸሽ መደመሩንና መቀነሱን አስቀድሙ።

ክፍል ሀ (እያንዳንዳቸው 2 ነጥብ፤ ለእያንዳንዱ የግልባጭ ስሌት መስመር 1 ነጥብ)

1. 4x + 7 = 31
2. 6x − 5 = 37
3. x/3 + 8 = 13
4. x/5 − 4 = 2
5. 11 = 2x + 3
6. 7x + 20 = 6

ክፍል ለ (እያንዳንዳቸው 3 ነጥብ፤ ሦስተኛው ነጥብ የማረጋገጫው ነው)

7. 15 − 3x = 6
8. −4x + 9 = 29
9. −x/2 − 1 = 5
10. 8 − x = 13
11. (x − 6)/4 = 3
12. (3/4)x − 2 = 10
13. 0.5x + 1.2 = 4.7
14. 5x + 4 = 11

ክፍል ሐ፦ ስህተቱን ፈልጉ (እያንዳንዳቸው 3 ነጥብ)

ስህተቱ ያለበትን መስመር ጥቀሱ፣ ለምን ስህተት እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፣ ከዚያ አስተካክላችሁ ሥሩ።

15. 5x − 10 = 35
 5x = 25
 x = 5

16. 2x + 6 = 18
 x + 6 = 9
 x = 3

17. 4x + 3 = 23 − 3 = 20 ÷ 4 = 5

ክፍል መ (እያንዳንዳቸው 5 ነጥብ፦ እኩልዮሹ 1፣ ሁለቱ ግልባጮች 2፣ ማረጋገጫ 1፣ መለኪያ ያለው መልስ 1)

x ምን እንደሚወክል አስቀድማችሁ ጻፉ።

18. ሌሊት ላይ ውኃ ሲመጣ 1000 ሊትር በሚይዝ ሮቶ ውስጥ 280 ሊትር ነበረ። ቧንቧው በደቂቃ 24 ሊትር ያስገባል። ሮቶው በስንት ደቂቃ ይሞላል?

19. አቶ ታደሰ ለአጥር ብሎኬት ገዙ። አንዱ ብሎኬት 36 ብር ነው፤ ለማጓጓዣ 600 ብር ከፈሉ። በጠቅላላ 7800 ብር ካወጡ ስንት ብሎኬት ገዙ?

20. ሦስት ጎረቤታሞች በጋራ ያስፈጩትን የጤፍ ዱቄት እኩል ተካፈሉ። ወይዘሮ አልማዝ ከድርሻቸው 4 ኪሎ ለእንጀራ ካቦኩ በኋላ 11 ኪሎ ቀራቸው። የተፈጨው ዱቄት ጠቅላላ ስንት ኪሎ ነበር?

የመምህራንና የወላጆች ገጽ

ይህ ገጽ ከሥራው በኋላ ይታደላል። የተሳሳተ መልስ ከየት እንደመጣ መለየት ስለሚቻል ጎን ለጎን አስቀምጠነዋል። መልሱ ብቻ ተጽፎ መስመር ከሌለው በክፍል ሀ ነጥብ አይሰጥም፤ ተማሪው ቅር ቢለውም።

1. x = 6። 9.5 ካለ 7ን በመቀነስ ፈንታ ደምሯል።
2. x = 7።
3. x = 15። 31 ካለ አስቀድሞ በ3 ሲያባዛ 8ን ትቷል፤ 5/3 ካለ ግልባጩን ማባዛት ሳይሆን ማካፈል አድርጎታል።
4. x = 30።
5. x = 4። x በቀኝ መሆኑ የሚያስደነግጣቸው አሉ፤ 4 = x ብሎ መጨረስ ትክክል ነው፣ ጎኖቹን ማገላበጥ ግዴታ አይደለም።
6. x = −2። 2 ካለ 6 − 20 ላይ ምልክቱን ጥሏል።
7. x = 3። −3 ካለ −3x = −9ን ለ−3 ሳይሆን ለ3 አካፍሏል።
8. x = −5።
9. x = −12። ሁለተኛው ግልባጭ በ−2 ማባዛት ነው።
10. x = −5። 5 ብለው የሚያቆሙ ብዙ ናቸው። −x = 5 ገና መልስ አይደለም፤ ሁለቱንም ጎን ለ−1 ማካፈል ይቀራል፤ ይህም መስመር ሆኖ ይጻፍ።
11. x = 18። 36 ካለ ከማባዛቱ በፊት 6ን ደምሯል፤ ቅንፉን አላየም።
12. x = 16። 9 ካለ በ4/3 ሳይሆን በ3/4 አባዝቷል።
13. x = 7። 1.75 ካለ 3.5ን ለ0.5 በማካፈል ፈንታ በ0.5 አባዝቷል። ሁሉንም ቁም አስቀድሞ በ10 አባዝቶ 5x + 12 = 47 ያለም ሙሉ ነጥብ ያገኛል፣ መስመሩን ካሳየ።
14. x = 7/5 ወይም 1.4። ሆን ተብሎ የገባ ነው፤ መልሱ ሙሉ ቁጥር ስላልሆነ «ተሳስቻለሁ» ብሎ የሚሰርዝ ተማሪ ማረጋገጫውን አልሠራም ማለት ነው።
15. ሁለተኛው መስመር። የ10 መቀነስ ግልባጭ 10 መደመር ነው፤ 5x = 45፣ x = 9።
16. ሁለተኛው መስመር። ለ2 ሲካፈል 6ም 3 መሆን ነበረበት፤ x + 3 = 9፣ x = 6።
17. x = 5 መሆኑ ልክ ነው፤ አጻጻፉ ግን 23 − 3 = 20 ÷ 4 ይላል፤ ማለትም 20 = 5። መልሱ ልክ ስለሆነ ስህተቱን ማየት የሚከብዳቸው ይበዛሉ፤ «20 ከ5 ጋር እኩል ነው?» ብላችሁ ጠይቋቸው።
18. x ደቂቃ፤ 24x + 280 = 1000፣ 24x = 720፣ x = 30 ደቂቃ።
19. x የብሎኬት ብዛት፤ 36x + 600 = 7800፣ 36x = 7200፣ x = 200 ብሎኬት። 216.67 ገደማ ያገኘ ማጓጓዣውን ረስቷል፤ ብሎኬት በክፍልፋይ አይሸጥምና መልሱ ራሱ ይጠቁመዋል።
20. x ኪሎ፤ x/3 − 4 = 11፣ x/3 = 15፣ x = 45 ኪሎ። 37 ካለ አስቀድሞ 11ን በ3 አባዝቶ 4ን በኋላ ደምሯል፦ 33 + 4። ዱቄቱ የተቀነሰው ከድርሻው ስለሆነ መደመሩ ከማባዛቱ ይቀድማል።