ስለ ትኬት መክፈቻው አኒሜሽን

ሰላም ሄለን፣

እንዴት ነሽ? የአውቶቡስ ትኬት አፓችንን የትኬት መክፈቻ አዲስ አኒሜሽን ፊግማ ላይ አየሁት። ካርዱ ከዝርዝሩ ተነስቶ ስክሪኑን ሲሞላ በጣም ያምራል። ተሳፋሪው "የነካሁት ትኬት ይሄው ነው" ብሎ በዓይኑ እንዲከተለው ፈልገሽ እንደሆነ ገብቶኛል፤ እሱ ሐሳብ መቅረት የለበትም። ከኋላው ያለው ብለር ግን አሁን ባለበት መልኩ አያስኬደንም። ዝቅ ያለ ዋጋ ባላቸው ስልኮች ላይ አፑን ስታክ ያስደርገዋል። "አይቻልም" ብዬ ብቻ ብልክልሽ ደስ ስለማይልሽ ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልሽ። አማራጭም አለኝ።

መጀመሪያ የጊዜውን ነገር። ብዙዎቹ ርካሽ ስልኮች ስክሪናቸውን በሰከንድ 60 ጊዜ ያድሳሉ። ስለዚህ አንድ ፍሬም ለማዘጋጀት ያለን ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። በዚያ ውስጥ ካልደረሰ ስልኩ የቀድሞውን ምስል መልሶ ያሳያል፤ እንቅስቃሴው ይቆራረጣል። ያንቺን ዲዛይን እንዳለ ሠርቼ ቢሮ ባለው የሙከራ ስልክ ላይ ሞከርኩት፤ 2 ጂቢ ራም ያለውና ስክሪኑ 720 በ1600 የሆነው። ብለሩ ሲሄድ አንድ ፍሬም ወደ 50 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። 700 ሚሊሰከንድ ብለሽ የሰጠሽው አኒሜሽን 42 ፍሬም መሆን ሲገባው 14 አካባቢ ብቻ ይታያል ማለት ነው። "ምናልባት ዲበግ ላይ ስለሆነ ነው" እንዳትዪ፣ የለካሁት በፕሮፋይል ሞድ ነው፤ ተጠቃሚው ጋ ከሚደርሰው ፍጥነት ብዙም አይርቅም።

ለምን ብለሩ? ካርዱ ማደጉ ራሱ ርካሽ ነው። ካርዱ አንዴ ከተሳለ በኋላ ምስል የሚሠራው ቺፕ፣ ጂፒዩው፣ ያንን ምስል ማንሳት፣ ማስፋት፣ ግልጽነቱን መቀነስ አይከብደውም። ኮዱ ውስጥ ያለው ችግር ይቺ ናት፦

```dart
BackdropFilter(
  filter: ImageFilter.blur(sigmaX: s, sigmaY: s),
  child: ticketCard,
)
```

`s` የብለሩ መጠን ነው፤ በየፍሬሙ ይቀየራል፣ ከ0 ተነስቶ ወደ 24። ስትታይ አራት መስመር ናት። ከሥሯ ያለው ሥራ ግን ብዙ ነው። ስልኩ መጀመሪያ ከካርዱ ኋላ ያለውን ሁሉ ይስላል። ከዚያ የሳለውን መልሶ ያነባል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ፒክስል የጎረቤቶቹን ቀለም እየሰበሰበ አማካኙን ያወጣል፤ አንዴ አግድም፣ አንዴ ቁልቁል። በመጨረሻ ካርዱን ከላይ ያስቀምጣል። የዚያ ስልክ ስክሪን 1,152,000 ፒክስል ነው። አንዱ ፒክስል 4 ባይት ሲይዝ አንድ ሙሉ ስክሪን 4.6 ሜጋባይት ይሆናል። በሰከንድ 60 ጊዜ ሲባዛ 276 ሜጋባይት፤ ያውም ለአንድ ጊዜ መጻፍ ብቻ። ማንበቡም አለ፣ ሁለተኛው ዙርም አለ። ብለሩ ስለሚቀያየር ደግሞ ያለፈውን ውጤት አስቀምጦ መጠቀም አይቻልም። ሁሌም እንደ አዲስ ነው።

እዚህ ላይ የስልክ ጂፒዩ ጠባይ ይጨመርበታል። አብዛኞቹ የስልክ ጂፒዩዎች ስክሪኑን በትንንሽ ካሬ ከፍለው፣ እያንዳንዱን እዚያው ቺፑ ላይ ባለች ፈጣን ሚሞሪ ጨርሰው ነው ወደ ዋናው ራም የሚልኩት። ባትሪ የሚቆጥቡትም በዚህ ነው። ብለር ግን "ቆይ፣ ያለውን ሁሉ መጀመሪያ ወደ ራም አውጣልኝና መልሰህ አምጣው" ይለዋል። አንድ ሽንኩርት በከተፈ ቁጥር ገበያ እንደሚመላለስ ሰው ነው። ውድ ስልክ ላይ ገበያው በር ላይ ስለሆነ አይታወቅም። ርካሹ ላይ መንገዱ ሩቅም ጠባብም ነው፤ በዚያው መንገድ ሌላውም የስልኩ ሥራ ይጋፋል። ያንቺ ላፕቶፕ ላይ ፕሮቶታይፑ እንደ ውሃ መፍሰሱ የሚገርም አይደለም።

የጂፒዩውን ነገር ተይውና ስክሪኑ የት እንደሚከፈት አስቢው። ተሳፋሪው ትኬቱን ሶፋ ላይ ሆኖ አይከፍተውም። ቃሊቲ ወይም ላምበረት መናኸሪያ፣ ጠዋት፣ አውቶቡሱ በር ላይ፣ አንድ እጁ ሻንጣ ይዞ ነው የሚከፍተው። ረዳቱ ስካነሩን ዘርግቶ ይጠብቃል። ከኋላ ሰልፍ አለ። የያዘው ቴክኖ ወይም አይቴል ሊሆን ይችላል፤ ሚሞሪው በፎቶና በቴሌግራም ቪዲዮ የሞላ፣ ባትሪው የተጋመሰ። የሰመራ ተሳፋሪ ከሆነማ ለመልሱ ጉዞ ትኬቱን የሚከፍተው በዚያ ሙቀት ነው፤ ስልክ ሲግል ደግሞ ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። በዚያች ሰዓት ኪውአር ኮዱ ቶሎ ካልታየው ሰውየው ምን ያደርጋል? ደግሞ ይነካዋል። ሁለተኛው ንክኪ ወረፋ ይይዝና ካርዱ ገና እንደተከፈተ መልሶ ይዘጋዋል። ይሄንን ሙከራው ላይ አይቼዋለሁ፤ ከመቆራረጡ ይልቅ ያሳሰበኝ እሱ ነው።

እንግዲህ አማራጩ። ብለሩን እንዳለ አናጥፋው። በየፍሬሙ ከማስላት አንዴ ብቻ እናስላው። ተሳፋሪው ካርዱን ሲነካ የስክሪኑን ፎቶ አንስተን ስምንት እጥፍ እናሳንሰዋለን፤ 90 በ200 ይሆናል። ያ 18,000 ፒክስል ነው፣ ከሙሉው 64 ጊዜ ያነሰ። እሱን አንድ ጊዜ ብለር አድርገን ወደ ሙሉ ስክሪን እንለጥጠዋለን። ምስሉ ድሮውንም ብዥ ያለ ስለሆነ መለጠጡ አይታወቅም። ከዚያ የምናንቀሳቅሰው ግልጽነቱን ብቻ ነው፤ ከማይታይ ወደ ሙሉ። ይሄ ለጂፒዩው ቀላል ሥራ ነው።

አንድ ልዩነት ታያለሽ፣ አልደብቅሽም። ያንቺው ላይ ዓለሙ ቀስ በቀስ ከፎከስ ይወጣል። የኔው ላይ ጥርት ያለው ምስልና ብዥ ያለው ለቅጽበት ተደራርበው ይታያሉ። መሀል ላይ አቁመሽ ብታዪው ጽሑፎቹ ጥላ ያወጡ ይመስላሉ። ጊዜውን ወደ 250 ሚሊሰከንድ ካወረድነው ግን እኔ ራሴ እያወቅኩ እንኳ መለየት ቸግሮኛል። 700 ለእንዲህ ያለ ስክሪን በማንኛውም ስልክ ላይ ይረዝማል ባይ ነኝ። ትኬቱን በቀን አሥር ጊዜ ለሚከፍት ሰው አኒሜሽኑ ሁለተኛው ቀን ላይ ያሰለቻል። የመረጥሽው ከርቭ ግን በጣም ጥሩ ነው፣ እንዳለ ይቆይ።

ሌሎች ሁለት ነገሮች አሉ፣ ቶሎ ልበላቸው። የካርዱ ጥላ እያደገ እንዲሄድ ጠይቀሻል። ጥላም ብለር ነው። ሁለት የተዘጋጁ ጥላዎች ስጪኝ፣ ትንሹና ትልቁ፣ አንዱን እያጠፋሁ ሌላውን አመጣለሁ። ካርዱ ሲያድግ ደግሞ ወርድና ቁመቱን አልቀይርም፤ እንደ ምስል አሰፋዋለሁ። ወርዱ ከተቀየረ ስልኩ "አዲስ አበባ – ባሕር ዳር" የሚለውን ጽሑፍ በየፍሬሙ እንደ አዲስ ይደረድረዋል፤ መስመሩም መሀል መንገድ ላይ ሲሰበርና ሲቃና ታዪዋለሽ፣ ያስጠላል።

ለደስታ መግለጫ ካርዱ ላይ እንዲበተኑ ያደረግሻቸው ወረቀቶች ላይ ግን ትንሽ ልከራከርሽ። የላክሽው የሎቲ ፋይል ውስጥ ማስክና ማት አለ። ሎቲ እነሱን ሲያገኝ ለየብቻ ሌላ ቦታ ስሎ ነው የሚያመጣቸው፤ ፍጥነቱን በጣም የሚጎዳውም ይሄው ነው። አፍተር ኢፌክትስ ላይ ተራ ቅርጽ ብቻ አድርገሽ፣ ቁጥራቸውንም ቀንሰሽ መልሰሽ ብትልኪው ይሻላል። ደግሞስ መቼ ነው የሚበተኑት? ትኬቱ ሲገዛ ይሁን፣ እሺ፣ ሰው ደስ ይለዋል። አውቶቡስ በር ላይ ትኬቱ በተከፈተ ቁጥር ከሆነ ግን ምኑን ነው የምናከብረው? ይባስ ብሎ ሁለቱ ቁራጮች ኪውአር ኮዱ ላይ ያልፋሉ። ስካነሩ ያን አይወድም።

"ታዲያ ለጥሩ ስልክ አንዱን፣ ለደካማው ሌላውን እናሳይ" እንደምትዪ እገምታለሁ። አሰብኩበት። አንድሮይድ "ይሄ ስልክ ራሙ ትንሽ ነው" ብሎ የሚነግረን መንገድ አለው። ግን ራሙ በቂ ሆኖ ጂፒዩው ደካማ የሆነ ስልክ ብዙ ነው፣ እሱን አይነግረንም። ብለር የሚፈልገው ደግሞ ጂፒዩውን ነው። በዚያ ላይ ሁለት ዓይነት አኒሜሽን ማለት እያንዳንዷን ለውጥ ሁለቴ መፈተሽ ነው፤ ቡድናችን ደግሞ ታውቂዋለሽ። አንድ ለሁሉም የሚሠራ ቢኖረን እመርጣለሁ። ከዚያ ውጭ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰውየው ስልኩ ላይ አኒሜሽን ካጠፋ ካርዱ ያለ ምንም እንቅስቃሴ ወዲያው ይከፈት። አንዳንዱ ሰው ስለሚያዞረው ነው የሚያጠፋው።

ካንቺ የምፈልገው እንግዲህ ሁለቱን ጥላዎች፣ የተስተካከለውን የሎቲ ፋይልና የብለሩን የመጨረሻ መጠን ነው። 24 ከሆነ 24 ይሁን፤ አንዴ ብቻ ስለምናሰላው ዋጋው ብዙ አይለይም፣ ከፈለግሽ ከፍ አድርጊው። አዲሱን ሙከራ ዛሬ ማታ ሠርቼ የሙከራው ስልክ ላይ እጭነዋለሁ። ነገ ጠዋት ጠረጴዛሽ ላይ ታገኚዋለሽ፤ ቻርጀሩን አላስቀምጥልሽም፣ ባትሪው ዝቅ እንዳለ ሞክሪው። 250 ካጠረብሽ 300 ድረስ እስማማለሁ፤ ከዚያ በላይ ከፈለግሽ ግን መጀመሪያ አብረን ላምበረት ሄደን ሰልፉ ላይ ቆመን እንየው።

ዮናስ