ይድረስ ለእናቴ፦ ስለ ኤልዳና አመጋገብና ንጽሕና

ለምወድዎና ለማከብርዎ እናቴ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እዚህ ዱባይ በደኅና እገኛለሁ። እንደ ወትሮው በድምፅ ሳልልክ በጽሑፍ ያደረግሁት ወንድሜ ካነበበልዎ በኋላ በወረቀት አሳትሞ ማድ ቤቱ ግድግዳ ላይ እንዲለጥፈው፣ እርስዎ ገበያ ወይም ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ልጅቷን የምትይዘው ልጅም እንድታየው ብዬ ነው።

እኔንና ወንድሜን ያሳደጉ እናት ልጅ መያዝ እንደሚያውቁ አልዘነጋሁም። ይሁን እንጂ እኛ ያደግነው በጡትዎ ነው፤ ኤልዳና ግን ስድስት ወር ሲሞላት ትቻት ስለመጣሁ የምትጠጣው የዱቄት ወተት ነው። የጡት ወተት ሕፃኑን ከብዙ በሽታ ይጠብቀዋል፤ የዱቄቱ ወተት ይህን አይሰጥም፣ ውሃው ወይም ዕቃው ንጹሕ ካልሆነም ራሱ በሽታ ይዞ ይገባል። ባለፈው ወር ያስቀመጣት ጊዜ ጠዋት የተረፈው ወተት ከሰዓት በኋላ ተሰጥቷት እንደነበር ሲነግሩኝ፣ ጥፋቱ ይህን አስቀድሜ አስረድቼ ያልሄድሁት የእኔ መሆኑ ገባኝ።

ስለዚህ ከቧንቧ የመጣውም፣ ቧንቧ ሲጠፋ በጀሪካን የተገዛውም ውሃ ቡልቅ ቡልቅ እስኪል ይፍላ። ከጣና የተቀዳ ውሃ ለምግቧም ለገላዋም አይሁን። ውሃው ከፈላ ግማሽ ሰዓት ሳያልፈው፣ ገና ትኩስ ሳለ፣ ዱቄቱ በቆርቆሮው ውስጥ ባለው ማንኪያ ልክ ተለክቶ ይበጥበጥ፤ ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ይብረድና በእጅዎ አንጓ ላይ ጠብ አድርገው ሙቀቱን ይሞክሩ። ቆርቆሮው ቶሎ እንዳያልቅ ብለው አደራዎን አያቅጥኑት፤ የቀጠነ ወተት ሆድ ይሞላል እንጂ አያሳድግም፤ ሲያልቅ ወዲያው ገንዘብ እልካለሁ። ከተበጠበጠ ሁለት ሰዓት ያለፈው ወተት፣ በባሕር ዳር ሙቀት ደግሞ ይበልጡን፣ ይደፋ። ጡጦውንም ትተን በኩባያና በማንኪያ ብናጠጣት እመርጣለሁ፤ የጡጦ ጫፍ ውስጡ አይጸዳም፣ ኩባያ ግን በሳሙና ታጥቦ በፈላ ውሃ ይለቀለቃል።

አሁን ሰባት ወር ስለሆናት ከወተቷ ሌላ በቀን ሦስት ጊዜ ምግብ ያስፈልጋታል፤ ከሁለትና ሦስት የሾርባ ማንኪያ ተነሥቶ ቀስ በቀስ ወደ ግማሽ ኩባያ ይደርሳል። ቀጭን አጥሚት አይበቃትም፤ ገንፎው ከማንኪያው ላይ የማይፈስ ይሁን። ለዱቄቱ ሦስት እጅ እህል፣ ማለት ጤፍ፣ አጃና ገብስ፣ አንድ እጅ ደግሞ ሽምብራ ተቆልቶ ይፈጭ። ዱባ፣ ካሮት፣ በደንብ የበሰለ እንቁላል፣ የበሰለ ፓፓያና ማንጎ እየተፈጨ ይሰጣት፤ ቀረሶ ዓሣ በሚገኝበት ቀንም አጥንቱ በጣት ተዳስሶ አንድም ሳይቀር ከወጣ በኋላ ሥጋው ይላም። ጨውና ስኳር አይጨመርበት።

የጾም ነገር አሳስቦኛል። ሕፃን ጾም እንደሌለባት ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ፤ ነገር ግን የጾሙ ድስት በእንቁላልና በወተት እንዳይነካካ ሲባል ልጅቷ ሁለት ወር ሙሉ በገንፎ ብቻ እንዳትቀር እፈራለሁ። ለእርሷ ብቻ የሚሆን ትንሽ ድስት፣ ሳሕንና ማንኪያ እንዲገዛ ለወንድሜ ገንዘብ ልኬያለሁ፤ ለብቻው ይታጠብ፣ ለብቻው ይቀመጥ።

አንድ ዓመት ሳይሞላት ማር አያቅምሷት፤ ለሕፃን አደገኛ መርዝ የሚያመጣ ተሕዋስ ይኖርበታል። ሻይም ቢሆን ከምግቡ የምታገኘውን ብረት ስለሚቀንስባት አይሰጣት። ቅቤ ማዋጥ፣ ምግብ አላምጦ ማጉረስ ይቅር። ጎረቤቶች እንጥሏን እናስቆርጥ፣ ግጓን እናስወጣ ቢሉዎት፣ እማዬ፣ በእኔ ስም እምቢ ይበሉልኝ፤ በዚህ ነገር ደም የፈሰሰውና ቁስሉ ያመረቀዘው ሕፃን ብዙ ነው።

እጅ በሳሙና የሚታጠበው ምግቧ ከመሠራቱና ከመጉረሷ በፊት፣ ሽንት ጨርቋ ከተቀየረ በኋላና ከመጸዳጃ ቤት ሲመለሱ ነው። የእርሷም እጅ ይታጠብ፤ አሁን ሁሉን ወደ አፏ ትወስዳለችና። ዓይነ ምድሯ የሕፃን ነው ተብሎ ግቢ ውስጥ አይጣል፤ መጸዳጃ ቤት ይግባ። ዶሮዎቹም የምትድኽበት ምንጣፍ ላይ አይውጡ።

ዳግመኛ ካስቀመጣት ወተቷንና ምግቧን አያቋርጡ፤ አንዱን የኦአርኤስ ከረጢት ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ በጥብጠው በማንኪያ ቶሎ ቶሎ ይስጧት፣ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን ይድፉ። ዓይኗ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃታት፣ ሁሉን ካስመለሳት፣ ደም ከታየ ወይም ከደከመችብዎ፣ የእኔን ስልክ ሳይጠብቁ ሌሊትም ቢሆን በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዷት። ዘጠኝ ወር ሲሞላት የኩፍኝ ክትባት አለባት፤ ካርዷ ከቁም ሣጥኑ የላይኛው መሳቢያ ውስጥ፣ ከክርስትና ወረቀቷ ጋር ነው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ እደውላለሁ፤ ያን ጊዜ በኩባያ ስትጠጣ ያሳዩኝ።

ልጅዎ